አሥራ ሁለት ጊዜ «እጅግ አስተማማኝ»

ለማስተርስ ጥናቴ የመረጥኩት በትውልድ አገሬ በመንዝ ያለውን የጓሳን ሣር አጠባበቅ ነበር። አማካሪዬ አሥራ ሁለት ጽሑፎች አንብቤ እንድዘረዝር፣ በእያንዳንዱ ሥር ይዘቱን እንዳሳጥር፣ ጥንካሬና ድክመቱን እንድመዝን፣ ከጥናቴም ጋር እንዳገናኘው አዘዙኝ። እኔ ጨዋው የመንዝ ልጅ ግን የተማረ ሰው መንቀፍ ነውር መስሎኝ፣ በሁሉም ሥር «እጅግ አስተማማኝ፤ ለጥናቴ ይጠቅማል» ብዬ አረፍኩት።

አማካሪዬ አንዱን ጠቁመው፣ «ይሄኛው ሣሩ በየዓመቱ ይታጨዳል ይላል። እውነት ነው?» አሉኝ። እዚያው ባድግም እርግጠኛ አልነበርኩም። ለአባቴ ደውዬ አነበብኩላቸው።

«ሰውየው ጓሳን ረግጦ አያውቅም! ለዓመታት ከከብትም ከማጭድም ዘግተን አይደል እንዴ የምናጭደው?» አሉ።

ይህንኑ አሳምሬ ጻፍኩት፦ «የመስክ ምልከታ አይጠቅስም፤ ሣሩ የሚዘጋባቸውን ዓመታት ስቷል፤ ጥናቴ አጫጆቹን ጠይቆ ይህን ያጣራል።»

አማካሪዬ ከአሥራ ሁለቱ ያደነቁልኝ ይህን ብቻ ነው። አባቴ ፊደል አልቆጠሩም።