ያልተነበበው እርማት

መምህሩ ለማግኑስ ውጤት የሰጡት በታረመው ድርሰቱ ሳይሆን በተጣለው ረቂቅ ነው።

በደሴቲቱ ትምህርት ቤት ሃያ ዓመት ጽሑፍ ያስጠናችው ራግንሂልድ ማግኑስ ያሳያትን ረቂቅ ስታነብ ሳቋ አመለጣት። «የኔ ልጅ፣ ለጠዋቷ ጀልባ ልትከራከር ከኖኅ መርከብ ትጀምራለህ?»

እሱም እየሳቀ መግቢያውን ሰርዞ «የጠዋቷ ጀልባ መቅረት የለባትም፤ ተማሪዎች ሌላ መጓጓዣ የላቸውም» ብሎ ጀመረ።

«እዚህ ደግሞ ‹ብዙ ተማሪ ይሳፈርባታል› ብለሃል። ማን ቆጠረ?»

«እኔ እቆጥራለኋ።»

ሳምንቱን ሙሉ ወደቡ ላይ ቆሞ ቆጠረ፤ በየቀኑ ከአርባ ያላነሱ ተሳፈሩ። ቁጥሩን አንቀጹ ውስጥ አስገብቶ፣ ጀልባዋ ብትቀር እነዚህ ልጆች የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እንደሚያመልጣቸው አስረዳ።

የታረመውን በቀኑ አስረከበ። መምህሩ ግን ቀድሞ የላከላቸውን አሮጌውን ረቂቅ ከፍተው «መግቢያው ልል፣ ማስረጃ የለም» ሲሉ ከስድስት ሁለት ሰጡት። ራግንሂልድ የርክክቡን ቀን አያይዛ ለትምህርት ቤቱ ሁለት ጊዜ አመለከተች። ውጤቱ ዛሬም ሁለት ነው።