ለአራስ የሚሰጥ ስኳር

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ድራማ መጻፍ ደግሞ ከእኔ በላይ የሚችል ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ብስራተ ገብርኤል ያለው ቀበሌያችን ለበዓል ድራማ ሲፈልግ የኪነት ቡድኑ እኔን መረጠ። ታሪኩ ተወስኖ ነው የመጣው፦ እቃ የሚደብቅ ነጋዴ ይጋለጣል፣ ሕዝብም ይይዘዋል።

ረቂቁን ድሮ አማርኛ ላስተማሩኝ ጡረተኛ መምህር አሳየኋቸው። ነጋዴዬ እጁን እያፋተገ ከመሳቅ በቀር ሥራ አልነበረውም።

«ይሄ ሰውዬ ‹ሆዳም ነው› ብለን ብንጨርሰው የሚቀርብን ነገር የለም፤ ዝርግ ነው» አሉኝ። «ዝርግ ገፀ ባሕርይ ነውር የለበትም፤ በር ከፍቶ ለሚወጣ ዘበኛ ይበቃል። ታሪኩን የሚሸከመው ግን ክብ ይሁን።»

ሳልና ማነከስ ጨምሬለት ተመለስኩ።

«እሱ መለያ ነው እንጂ ሰው አያደርገውም! የሚፈልገው ነገር ከሌላ ከሚፈልገው ነገር ጋር ይጣላበት። ሲያስደንቀንም ‹አዎ፣ እሱ እንዲህ ያደርጋል› እንበል። ካላመንነው አልሆነም።»

ተናድጄ ወጣሁ። ግን መልሱ በእኛው መንደር፣ ቤታችን ፊት ለፊት ባለው ሱቅ ነበር። ባለሱቁ ስኳር ሲጠፋ ለመጣው ሁሉ «የለም» ይላል። መንደር ውስጥ ሴት ስትወልድ ግን በጋዜጣ የጠቀለለውን ስኳር ራሱ ይዞ በጓሮ በር ይገባል። አንድ ቀን ምክንያቱን ነገረኝ፦ ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን ስትወልድ ለአጥሚቷ የሚሆን ስኳር በመንደሩ ሁሉ ለምኖ አጥቷል። ከዚያ ወዲህ ባዶ መደርደሪያ ያስፈራዋል። መደበቁም መስጠቱም የሚመጣው ከዚያው ፍርሃት ነበር። ቤቴ ገብቼ ሁሉንም ጻፍኩት። ለማን እንደሚነበብ አንድ ጊዜ እንኳን አላሰብኩም።

በቀበሌው አዳራሽ ሳነብ ተዋንያኑ ወደ እኔ ጠጋ ጠጋ አሉ። ኮራሁ። የቀበሌው ካድሬ ግን እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ጓዲት፣ የዚህ ሰው ሱቅ የት ነው?»

«ፈጠራ ነው፣ ጓድ።»

«ሆዳም ብቻ ቢሆን ፈጠራ ነው እል ነበር። ይሄ ግን የሚኖር ሰው ነው። ድራማውን ነገ ጠዋት ከአብዮት ጥበቃ ጓዶች ጋር እንደገና እንሰማዋለን።»

እንደዚያ ካድሬ በትክክል ያነበበኝ እስከዛሬ አልገጠመኝም፤ አሁንም ያናድደኛል። በአሻጥር የተያዘ ነጋዴ ምን እንደሚደርስበት ሁላችንም እናውቅ ነበር። የአራሷን ነገር ከመንደራችን ሴቶች አንዷ ብትሰማ ሱቁን በጣቷ ታሳይ ነበር።

ከሰዓቱን ሙሉ ሰረዝኩ። ሚስቱን አጠፋሁ፣ አራሷን አጠፋሁ፣ የጓሮውን በር አጠፋሁ። ፍርሃቱን ሳወጣው መደበቁ ምክንያት አልባ ሆነ፤ በቦታው ሆዳምነትን አስገባሁ። «ሕዝብ ይራብ፣ እኔ ልጥገብ!» የሚል ንግግር ሰጥቼው በሦስት ቦታ አስደገምኩት። እጁንም መልሼ አፋተግሁለት።

ጠዋት ሦስት የታጠቁ ሰዎች አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። አዲሱን አነበብኩ።

«የአራሷስ ነገር የት ሄደ?» አለ ካድሬው።

ያን ጊዜ ሁላችንም የምናውቀው መውጫ አንድ ብቻ ነበር። ቆሜ ግለ ሂስ አደረግሁ።

«ጓድ፣ ስኳር የሚደብቅ ሰው ስኳር ሲሰጥ የት ታይቶ ያውቃል? ለጠላት አዝኜ፣ በሰው ላይ የሌለ ነገር ለጠፍኩበት። የንዑስ ከበርቴ ስሜት ነው፤ ስህተቴን አምናለሁ።»

መምህሬ ያስተማሩኝን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ካድኩ። ካድሬው እስክሪብቶውን አነሳ።

«ልክ ነሽ» አለ በመጨረሻ። «እንዲህ ያለ ሰው የለም።»

በበዓሉ ቀን ባለሱቁ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከሚስቱ ጋር ተቀምጦ አየሁት። ሕዝቡ «ልጥገብ!» በተባለ ቁጥር ይስቃል፣ እሱም ይስቃል። እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

በማግስቱ ሳሙና ልገዛ ገባሁ።

«ደግ ሠርታችኋል» አለኝ። ሳሙናውን በጋዜጣ መጠቅለል ጀመረ። «ግን ያ ሰውዬ ልጅ የለውም? ሚስትስ? የሚያዝንለት አንድ ሰው እንኳን ይጣ?»

«የለውም፣ ጋሼ።»

«እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም፣ ልጄ። ሰው ታውቂ መስሎኝ ነበር።»

ሚስቱንም ልጁንም ከድራማው ያጠፋሁት እሱን ለማዳን መሆኑን ያኔ ልነግረው አልችልም ነበር።

«አልቻልኩበትም፣ ጋሼ» አልኩት። ሳሙናዬን ተቀብዬ ወጣሁ።