ሰባቱ የተቀነሱበት ዕቅድ

ጋዲሴ ቆዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን ምሳ የሚያደርስ ትንሽ ማኅበር ውስጥ ትሠራለች። እሷም የምትኖረው እዚያው ነው፤ አባቷ ጤፍ ያርሱበት በነበረ መሬት ላይ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ብቻዋን።

የማኅበሩን የዓመት ዕቅድ የጻፉት መሥራቿ እትዬ አቻምየለሽ ናቸው፤ አርባ ገጽ። ታመው ሳሪስ አቦ ቤታቸው ከተኙ ወራት አልፈዋል። የአቃቂው ዱቄት ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ምሳውን ሊደግፉ ፈቃደኛ ነበሩ፤ ጸሐፊያቸው ግን ለጋዲሴ ቁርጡን ነገረቻት።

«ከሁለት ገጽ በላይ አያነቡም። የምትፈልጉትን መጀመሪያው ላይ ጻፉት።»

ጋዲሴ መቁረጥ ጀመረች። የማኅበሩ ታሪክ ወጣ። ሦስት ቦታ የተደጋገመው ዓላማ አንድ ዓረፍተ ነገር ሆነ። «ባለሀብቶች ዞር ብለው ባያዩንም» የሚለውን ሰረዘች፤ «በእንባ እንማጸናለን» የሚለውን «እንጠይቃለን» አለችው። ጠጄ የሚባሉ አሮጊት በየቀኑ በር ከፍተው ምሳ አምጪዋን የሚጠብቁበትን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበበችና እሱንም አወጣችው።

ቁጥሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። መግቢያው አረጋውያኑ ሰማንያ ስድስት ናቸው ይላል። በጎ ፈቃደኞች በሰኔ ቤት ለቤት ዞረው የሞሉት ሠንጠረዥ ሰባ ዘጠኝ ይላል። በጀቱ የተሰላው ደግሞ በሰማንያ ስድስት ነው። ስልክ ደወለች።

«እትዬ፣ የቱን ልያዝ?»

 «ሰማንያ ስድስት የአምናው ነው» አሉ እትዬ አቻምየለሽ። «ሰባቱ ዐርፈዋል። ጠጄም አንዷ ናት። መቀነስ አቃተኝ፣ ልጄ።»

ጋዲሴ ስልኩን ዘግታ መግቢያውን ሰባ ዘጠኝ አደረገች፤ ከጎኑ «በሰኔው ቆጠራ» ብላ ጨመረች። የምሳውን በጀት እንደ አዲስ አስልታ ድምሩን አስተካከለች፤ ዝቅ አለ። የቀድሞው ቁጥር የቀረበት ቦታ እንዳይኖር ከላይ እስከ ታች ደግማ አየችው።

ሥራ አስኪያጁ ቆመው አነበቡት። «ግልጽ ነው» አሉና ለስድስት ወር ፈቀዱ። ስለ ሰዎቹ የጠየቋት ነገር አልነበረም።

በማግስቱ ሁለቱን ገጽ ይዛ ሳሪስ አቦ ሄደች። እትዬ አቻምየለሽ መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡ።

«ጠጄን አወጣሻት።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ምሳው ይቀጥላል?»

«ከመስከረም ጀምሮ፣ ስድስት ወር።»

«እንግዲያ ደግ አድርገሻል» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ጋዲሴ አጠገባቸው ትንሽ ተቀመጠች። እንቅልፍ የወሰዳቸው ሲመስላት በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች።

ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። መፈቀዱን ለአንድ ሰው ልትነግር ስልኳን አወጣች፤ የተመዘገቡትን ስሞች ወደ ታች እየገፋች አየች። የምትደውልለት አላገኘችም። ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ በመስኮቱ መንገዱን ታይ ጀመር።