የሰማንያ ቀን ቀጠሮ

ቄስ ወልደሚካኤል አርመናዊውን መካኒክ በጫማው ለዩት፤ ለክርስትና ተወልውሎ እንኳ የግራሶ እድፍ አልለቀቀውም። ሕፃኗን እንደ ብርቅ የሞተር ዕቃ በሁለት መዳፉ ይዟል። ነጌሌ ውስጥ ከቤቱ ሰዎች በቀር አርመን የለም። የአርመኖች ካህን የሚገኘው አዲስ አበባ ነው፤ ክረምቱ ደግሞ መንገዱን ቆርጦታል። የአርመንና የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት በሃይማኖት አንድ ስለሆኑ ቄሱ ሊያጠምቁለት ተስማምተዋል።

«ዛሬ አርባ ቀኗ ነው፣ አባ። የጎረቤቴን ልጅ ስታጠምቁ ቆጥሬ ነበር።»

«የጎረቤትህ ልጅ ወንድ ነው፣ ሙሴ። ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው የምትጠመቀው።»

ሰውዬው አጠገቡ ወደ ቆመው ጸሐፊ ወደ አቶ ገብረወልድ አመለከተ። «ክርስትና አባትም አምጥቻለሁ።»

«ለሴት የክርስትና እናት ነው የሚያስፈልጋት።»

«በእኛ ወንድ ነው!»

«እንግዲያው እናንተው ዘንድ ውሰዳት።»

ገብረወልድ ሳቁን በነጠላው ሸፈነ። ሰውዬው ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የመጀመሪያ ልጄን ካህን ስፈልግላት ሳትጠመቅ ቀበርኳት።»

ቄሱ ሕፃኗን በመስቀላቸው ባረኩና፣ «ካመማት ቀን አይጠበቅም፤ በማንኛውም ሰዓት ጥራኝ» አሉት።

አልጠራቸውም። በሰማንያኛው ቀን ጎረቤቱን ወይዘሮ በዛብሽን ለክርስትና እናትነት አስከትሎ መጣ። ሕፃኗ ሦስት ጊዜ ተነከረች፤ ሜሮን ተቀባች፤ ማተብ ታሰረላት፤ ወለተሐና ተብላ ቆረበች። የሰውዬው ቆጠራ ቢያስነቅፈውም ትዕግሥቱ ግን የሚነቀፍ አልነበረም።

ሲወጣ ወደ ቄሱ ተመለሰ። «አባ፣ እኔ ስሞትስ ስንት ቀን ልጠብቅ?»

«ፍትሐቱ በዕለቱ ነው።»

«ተመስገን!» አለና ሕፃኗን አቅፎ ደስ ብሎት ሄደ።