አምስት ማለት ምን ማለት ነው

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን የግብርና መምህራችን አራት አራት አድርጎ ከፋፈለንና «በዚህ ሴሚስተር የምትሠሩትን ፕሮጀክት ራሳችሁ ምረጡ» አለን። ራሳችሁ ምረጡ መባል በዚያ ዘመን ብዙም ያልለመድነው ነገር ስለነበር ለመጣላት ጊዜ አልፈጀብንም።

አንደኛዋ እኔ ነኝ፤ ከሌሞ በእግሬ እየተመላለስኩ ሆሳዕና የምማር፣ በትንሽ ነገር ደሜ የሚፈላ። ሁለተኛው የቀበሌያችን ወጣቶች ማኅበር ሊቀመንበር ነው፤ ቁጭ ብሎ ሲያወራ እንኳ መድረክ ላይ የቆመ ይመስላል። ሦስተኛው አባቱ ገበያው አጠገብ ሱቅ ያለው ልጅ ነው። ለእሱ ቶሎ ይለቅ እንጂ የትኛውም ርዕስ አንድ ነው። አራተኛው ከሞርሲቶ የመጣ ረጅም ልጅ ሲሆን ክፍሉን እየደገመ ነበር።

የእሱን ነገር ሁላችንም እናውቃለን። ዘንድሮም ከወደቀ ከትምህርት ቤት ይሰናበታል። የተሰናበተ ጎረምሳ የት እንደሚሄድ ደግሞ ማንም አይጠይቅም፤ ብሔራዊ ውትድርና፣ ከዚያ ሰሜን። የጽሑፍ ፈተና አይሆንለትም። ከግብርና የሚያድነው የፕሮጀክቱ ማርክ ነበር። «ካለፍኩ እማራለሁ፣ ካላለፍኩ እተኩሳለሁ» ይል ነበር፣ ነገ ይዘንባል አይዘንብም እንደሚል ሰው።

ሊቀመንበሩ ባዮጋዝ አለ። ከእበት ጋዝ አውጥተን የመምህራን ክበብ ሻይ እናፈላለን። እኔ እንሰት አልኩ። ጓሯችን ያለው እንሰት ቅጠሉ እየጠወለገ ተራ በተራ ይሞት ነበር፤ እናቴ በየጠዋቱ ዞር ብላ አይታ ትገባለች። ያንን በሽታ እናጥና አልኩ። የሞርሲቶው ልጅ ድንች አለ። የዘር ድንች ግማሹን ጨለማ ውስጥ በቅርጫት፣ ግማሹን ለስላሳ ብርሃን በሚያገኘው ቆጥ ላይ እናስቀምጥና የትኛው የተሻለ እንደሚያቆጠቁጥ እንይ።

«ድንች?» አለ ሊቀመንበሩ። «ሕዝቡ ወደፊት እየገሰገሰ አንተ ቆጥ ላይ ድንች ትደረድራለህ?»

ከዚያ «እጅ እናውጣ፤ ባዮጋዝ የሚደግፍ!» አለ። የሱቁ ልጅ እጅ ወዲያው ወጣ። ወይ ጉድ፣ የሞርሲቶው ልጅ እጅም ወጣ! በቀበሌ ስብሰባ ሊቀመንበር «የሚደግፍ» ሲል እጅ ይወጣል፤ ለምን እንደሚወጣ ክንዱን የሚጠይቀው ሰው የለም። ደሜ ፈላና ተነስቼ መምህሩ ዘንድ ሄድኩ።

መምህሩ ነገሩን ሰምቶ አልተቆጣም። ጠመኔ አነሳና ሰሌዳው ላይ ሰንጠረዥ ሠራ፤ ወደ ጎን ሦስቱ ርዕሶች፣ ወደ ታች አራት መመዘኛዎች፦ ጥቅም፣ ዋጋ፣ ጊዜ፣ ዕቃ የማግኘት ነገር። «እጅ አታውጡ። እያንዳንዳችሁ ለየብቻችሁ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ስጡ፤ ከዚያ እንደምረዋለን» አለን። በየጥጋችን ዞረን ጻፍን። ደመርነው። ባዮጋዝ ድንችን በሁለት ነጥብ በለጠ፣ የእኔ እንሰት መጨረሻ ወጣ።

ሊቀመንበሩ ውጤቱን እንደ አዋጅ አነበበው። የሞርሲቶው ልጅ «እሺ» አለ። ያ «እሺ» አናደደኝ። የልጁን ወረቀት ነጥቄ አየሁት። ዋጋ በሚለው መስመር ለባዮጋዝ አምስት ሰጥቷል፤ ለገዛ ድንቹ አንድ!

«አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ?» አልኩት።

«ምን አጠፋሁ?» አለ። «ሲሚንቶ፣ በርሜል፣ ቱቦ። ዋጋው ትልቅ ነው፣ ትልቅ ቁጥር ሰጠሁ። ድንቹ ከቤት ነው የሚመጣው፤ ዋጋ የለውም።»

እኛ ሦስታችን ርካሹን ነበር አምስት ያልነው። እሱ ደግሞ ውዱን። ሁላችንም ያው አንድ ቃል ነው ያነበብነው። ስህተቱ የእሱ ነው ብሎ ለመሳቅ የሞከረው የሱቁ ልጅ ብቻ ነበር፤ አየሁትና ተወው። በልጁ ወረቀት ላይ አምስቱና አንዱ ቦታ ቢቀያየሩ ባዮጋዝ አራት ያጣል፣ ድንች አራት ያገኛል፤ ድንች በስድስት ይመራል።

«አይሆንም» አለ ሊቀመንበሩ። «ውጤት ከታየ በኋላ ነጥብ አይቀየርም። እንደዚያማ ከሆነ ሁሉም የፈለገውን እስኪያገኝ ይደምራል።»

የሚያበሳጨው ነገር እውነቱን መሆኑ ነው። መምህሩም እውነቱን ነው አለ። ስለዚህ የፊተኛው ወረቀት በሙሉ ተቀደደ። በየመመዘኛው አጠገብ አምስት ማለት ምን ማለት እንደሆነ በጠመኔ ተጻፈ፦ ዋጋ፣ አምስት ማለት ምንም የማይከፈልበት፤ ጊዜ፣ አምስት ማለት በዚህ ሴሚስተር የሚያልቅ። ከዚያ መምህሩ አንድ ነገር ጨመረ። «አሁን ሁላችሁም ማን እንደሚመራ ስላያችሁ ለራሳችሁ አምስት፣ ለሌላው አንድ እያላችሁ ልትሞሉ ትችላላችሁ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ነጥብ አጠገብ ምክንያት ጻፉ። ምክንያት የሌለው ነጥብ አይደመርም።»

እኔ በትክክል እሱ ያለውን ላደርግ ነበር። እንሰት፣ ጥቅም፣ አምስት፤ ምክንያቱን በደስታ ጻፍኩ። እንሰት፣ ጊዜ፣ አምስት አልኩና ምክንያቱ ላይ እርሳሴ ቆመ። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል። ታሞ፣ ሞቶ፣ ሌላ ተተክሎ እስኪታይ እኛ ትምህርት ጨርሰናል። የእናቴ ፊት መጣብኝ። እሷ ምክንያት አይደለችም። አንድ ጻፍኩ፣ እርሳሱ ወረቀቱን እስኪበሳው ድረስ ተጭኜ። በዚያን ሰዓት መምህሩንም፣ ሰንጠረዡንም፣ ድንችንም እጠላቸው ነበር።

ወረቀቶቹ ሲነበቡ ሊቀመንበሩ ለባዮጋዝ ዕቃ የማግኘት ነገር ላይ አንድ ሰጥቷል። ምክንያት፦ «ሲሚንቶ የሚገኘው በቀበሌ በኩል ነው። ቀበሌው የለውም።» እሱ ካላወቀ ማን ያውቃል? ድንች በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። ሊቀመንበሩ ተነስቶ «የብዙኃኑን ውሳኔ እቀበላለሁ» አለና ቁጭ አለ። እውነቱን ለመናገር፣ ቆጡን ስንሠራ ከሁላችን በላይ ምስማር የመታ እሱ ነው።

ጨለማ ውስጥ የነበረው ድንች ረጅም፣ ነጭ፣ ሲነኩት የሚሰበር ቡቃያ አወጣ። ቆጡ ላይ ያለው አጭር፣ አረንጓዴ፣ ጠንካራ ቡቃያ አወጣ። የሞርሲቶው ልጅ በክፍሉ ፊት ቆሞ አስረዳ፤ ስለ ድንች ሲሆን አማርኛው አይጠፋበትም። ሙሉ ማርክ አገኘን። ሰኔ ላይ ካርዱን ስናይ ግብርናን አልፏል፤ ክፍሉንም ለጥቂት አልፏል። ክረምቱን ከየሰፈራችን ልጆች ሲወሰዱ እሱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር።

ካርድ በወሰድን ሳምንት አንድ ጠዋት እኛ ቤት መጣ። ያንን ቆጥ ላይ ያቆጠቆጠ ድንች በጆንያ ተሸክሞ፣ ከከተማ ሌሞ ድረስ በእግሩ። የታመመውን እንሰት ነቅለን የቀበርንበት ጓሮ ባዶውን ነበር። አየው፤ ጆንያውን እዚያው አወረደ።

አባቴ ድንቹን አንስቶ ቡቃያውን በጣቱ ነካ። የእኛን ሰንጠረዥ አያውቅም።

«ዋጋው ስንት ነው ልጄ?» አለው።

«አምስት ነው አባባ» አለ የሞርሲቶው ልጅ።

አባቴ እጁን ኪሱ ከተተና አምስት ብር ፈልጎ አወጣ። ልጁ እጁን ወደኋላ ደብቆ ወደ እኔ ዞረና መሳቅ ጀመረ፤ ዓመቱን ሙሉ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር። እኔ ግን አልሳቅኩም፣ ማልቀስ ይዞኝ ነበር። «አባባ፣ ብሩን መልሰው» አልኩ። «አምስት ማለት ምንም የማይከፈልበት ነው።»