ያልረጋው ወተት

ቆቦ ገበያ ዳር ወተትና እርጎ እሸጣለሁ። ወተቱን የማመጣው ከጎረቤቴ ነው፤ ዲቃላ ላም ያላቸው፣ ሰንበት የማያጓድሉ ሽማግሌ ናቸው። በሁዳዴ ለቤታቸው ስለማይፈልጉት ሁሉንም ለእኔ ይሰጡኛል። ደንበኞቼ ያን ጊዜ እንደኔው ሙስሊሞች ናቸው።

ባለፈው ሁዳዴ ወተቱ አልረጋ አለ። የእርጎ ማሰሮውን አጥቤ በወይራ አጠንኩት። እምቢ! ጎረቤቶቼ ቡዳ ነው አሉ። እኔ ደግሞ ሽማግሌው ውኃ ቀላቅለውበታል ብዬ፣ ለሚሰማኝ ሁሉ አማኋቸው። ያልረጋውን እያዘንኩ ደፋሁት፤ የዕለቱን ትኩስ ወተት ግን እንደወትሮው ሸጥኩ።

በማግስቱ ጠዋት የእንስሳት ሐኪሙ እርጎ ሊጠጣ መጣ። «የለም፣ አልረጋም» አልኩትና ትኩስ ወተት በኩባያ ቀዳሁለት።

«ከማን ላም ነው?»

ነገርኩት። ኩባያውን መልሶ አስቀመጠው።

«ጡቷ ታሞ መድኃኒት የሰጠኋት እኔ ነኝ። መድኃኒቱ በወተቱ ይወጣል፣ ቢፈላም አይጠፋም፤ ወተቱን የሚያረጋውንም ጀርም ይገድለዋል። የተባለው ቀን እስኪያልፍ ከደህናው ጡት የታለበውም ቢሆን ለሰው አይሰጥም። ብትታረድማ ለሥጋዋ የሚጠበቀው ከዚህም ይረዝማል። ለአባወራው ነግሬያቸዋለሁ።»

«ምን ዓይነት መድኃኒት?»

«የፔኒሲሊን ዘር።»

ያረቢ! ከመስጊዱ ጀርባ ያለችው ደንበኛዬ ልጇ ፔኒሲሊን አይስማማትም። ክሊኒክ ወግተዋት ፊቷ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯት፣ ለጥቂት ነው የተረፈችው። ለእሷ ቤት የዛሬውን ወተት ገና አሁን ነው ያደረስኩት።

ሱቁን ክፍት ትቼ ሮጥኩ። ልጅቱ ኩባያውን ይዛ እፍ ትላለች፣ ትኩስ ነበር። ነጠቅኳት። አለቀሰች።

«ምን ሆነሻል?» አለች እናቷ። «በደንብ አፍልቼዋለሁ እኮ።»

«ቢፈላም መድኃኒቱ አይጠፋም» አልኩና ሁሉንም ነገርኳት። ሰሞኑን የወሰደችው ሁሉ በእንግዶች አልቆ፣ ለልጅቱ ሳይደርሳት ቀርቷል። አልሐምዱሊላህ አልኩ።

ድስቱን ደፋችው። ነጠላዋን ጣል አድርጋ፣ ልጇን አዝላ፣ ተከትላኝ ወደ ሽማግሌው ቤት መጣች።

ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። «አባባ፣ ሐኪሙ ወተቱ አይጠጣም አላለዎትም?» አልኩ። መጮኼ ነው።

«እንዴታ! ብሎኛል።» ሽማግሌው ቅር አላቸው። «በሁዳዴ ማን ሊጠጣ ኖሯል? እግዜር ምስክሬ ነው፣ ከቤታችን አንድ ሰው አልቀመሰውም።»

እውነታቸውን ነበር።

እናትየዋ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ፊት ለፊታቸው አቆመቻት።

«አባባ» አለች፣ «ይቺ ግን አትጾምም።»