ሌባዋን ከሁሉም ፊት ማስቀመጥ

እኔ ፈሪ እናት ነኝ። ልጄ ከትምህርት ቤት ትንሽ ከዘገየች ባጃጁን፣ የጎረቤቱን ውሻ፣ የቦዩን ጎርፍ በየተራ እጠረጥራለሁ። ማስቲካ እያኘከች ስትገባ በደስታና በንዴት መካከል እቆማለሁ። ባለቤቴ፣ «አንቺ ፖሊስ ብትሆኚ ኖሮ ሆሳዕና ውስጥ ያልታሰረ ሰው አይቀርም ነበር» ይላል። የሌባ ታሪክ መጻፍ የጀመርኩት ከዚሁ ጠባዬ የተነሳ ይመስለኛል። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው፤ ልብስ እያጠብኩ የሬዲዮ ትረካ መስማት ግን ማንም አልከለከለኝም።

የማነበው ለዊጆ ሴቶች ነበር። ዊጆ የቅቤ ዕቁባችን ነው። በየሳምንቱ እያንዳንዳችን በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ይዘን እንሰበሰባለን፣ ዳኛዋ ትለካለች፣ ተረኛዋ ሁሉንም ትወስዳለች። ዳኛችን የባለቤቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ እትዬ እላቸዋለሁ። የሬዲዮ ትረካ ገና ሳይጋመስ ሌባውን የሚያውቁ፣ ካወቁ በኋላም ዝም የማይሉ ሴት ናቸው።

የመጀመሪያ ታሪኬ የጠፋ ቅቤ ታሪክ ነበር። ሁሉንም አስጠረጠርኩና በመጨረሻው ገጽ ሌባውን አወጣሁት፤ አንድ የቅቤ ነጋዴ። ከአንጋጫ ተድራ የመጣችው ጓደኛችን ብድግ አለች።

«ይሄ ሰውዬ ደግሞ ከየት መጣ?»

«ከዶዮገና» አልኩ።

«ዶዮገናን አውቃለሁ! ታሪኩ ውስጥ ከየት መጣ ነው የምልሽ!»

እትዬ ቅቤ የነካ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «እኛን ስታደክሚን ዋልሽ። ያላሳየሽንን ሰው እንዴት እንጠርጥር?»

እውነታቸውን ነበር። እንግዲያው አሳያለሁ ብዬ ሁለተኛውን ጻፍኩ። እዚህ ላይ ጠባዬ ጉድ አደረገኝ። ለልጄ «ጃኬትሽን ያዝሽ? ያዝሽ ወይ? አሳዪኝ እስቲ» እንደምለው፣ እንዳያመልጣቸው ፈርቼ እያንዳንዱን ፍንጭ ሦስቴ ጻፍኩት። ሌባዋ ገና በር ላይ ስትደርስ እትዬ፣ «ያዟት!» ብለው ጮኹ። የቀረውን ያነበብኩት ለጨዋነት ብቻ ነው።

«አንዴ አታለልሽን፣ አንዴ እንደ ሕፃን ቆጠርሽን» አሉኝ እትዬ። «አንድ ዕድል አለሽ። እሱም ካልሆነልሽ በዊጆ ቀን ቅቤሽን ብቻ ይዘሽ ነይ።»

ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ለይምሰል ሳቅኩ። በሳምንት ከዚያች ከሰዓት በኋላ በቀር ሰው ዝም ብሎ የሚሰማኝ ጊዜ አልነበረኝም። ቤት ውስጥ ስናገር ሁሉም «እሺ፣ ተጠንቅቀናል» ብለው ይወጣሉ።

ሦስተኛውን ከመጨረሻው ጀመርኩት። መጀመሪያ ቅቤውን ማን እንደሰረቀች፣ ለምን፣ እንዴት እንደሆነ ለራሴ ቁርጥ አድርጌ ወሰንኩ። ሌባዋ የዊጆዋ ዳኛ ራሷ ሆነች። ስወስን ብቻዬን ኩሽና ውስጥ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ እትዬ ይቀየሙኛል ብዬ ፈራሁ። ቢሆንም አልለወጥኳትም። ከእሷ የተሻለ የተሰወረ ሰው አልነበረም፤ ፍለጋውን የምትመራው እሷ ናት።

ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሼ ፍንጮቹን ተከልኩ። መትከሉ ቀላል ነው፤ ጭንቁ አለመጠቆሙ ነው። አንዲት እናት፣ ልጇ ወልዳባት ለአራሷ ቅቤ እንድታገኝ ተራ እንዲቀየርላት ስትለምን፣ ዳኛዋ በሁሉም ፊት «ሕግ ሕግ ነው» ብላ ከለከለቻት። ይህን ያስገባሁት ጥብቅ መሆኗን የማሳይ አስመስዬ ነው። ቆይቶ፣ ሰዎች ሰላምታ ሲለዋወጡ፣ የዳኛዋም ልጅ ሆመቾ ላይ መውለዷን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጣል አደረግኩ። ላም ቦይ ውስጥ ገባች ተብሎ ሴቶቹ ሲሮጡ ዳኛዋ መጨረሻ ወጣች፣ በሩንም ዘጋች። ጠንቃቃ ሴት! ባሏ ስለሞተ ጥቁር እንደለበሰችና ዓመቱን ሙሉ ፀጉሯን ቅቤ እንደማትቀባ የጻፍኩት በመግቢያው ላይ ነው። ታሪኩ መሐል ላይ ደግሞ አንዲት ድመት ነጠላዋን አልለቅ ብላ ትከተላታለች። የድመቷን ቦታ በደንብ አሳቅኩበት፤ የሚስቅ ሰው አይመረምርም። ሀዘኑንና ድመቷን አራርቄ አስቀመጥኳቸው፤ አንድ ላይ ቢሆኑ እትዬ ወዲያው ይገጥሟቸው ነበር።

የምትጠረጠርም ሰው ያስፈልጋል። ከዊጆዋ ሴቶች የአንዷን ምራት፣ አዲስ ጫማ አድርጋ፣ አስገባሁ። ግን እሷ ላይም እንዳልዋሽ ጫማው የወንድሟ ስጦታ መሆኑን በመጨረሻ አስረዳሁ፤ ቀደም ብሎም ወንድሟ ለበዓል መምጣቱን ጠቅሻለሁ።

የንባቡ ቀን ደረሰ። የምጽፈው በአማርኛ ነው፤ ሳነብ ግን ድመቷ ጋ ስደርስ ሳላስበው ወደ ሀዲይኛ ገባሁ። ሀዲይኛ ብዙም የማትሰማው የአንጋጫዋ ጓደኛዬ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ከገባት ይልቅ የእኔ ፊት ነው መሰለኝ ያሳቃት። እትዬ ምራቲቱን ይዘዋል። «ጫማዋን እዩ! ጫማዋን!» ይላሉ በየገጹ። እኔ ውስጤ እየዘለለ ፊቴን ኮስተር አደርጋለሁ።

መጨረሻው ላይ አራሷ የዳኛዋ ልጅ ሆመቾ ቤቷ ውስጥ ገንፎ እየበላች ናት፤ ቅቤው ከላይ ይንሳፈፋል። አራስ ልትጠይቅ የመጣችው ምራቲቱ በሩ ላይ ቆማ ዳኛዋን፣ «ይህ የማን ቅቤ ነው?» አለቻት። ዳኛዋም አንገቷን ደፋች።

የመለኪያው ጣሳ እትዬ እጅ ላይ ቀረ።

«ዳኛዋ?» አሉ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ውሸት ነው! ብትለምን አይሰጧትም ነበር እንዴ?»

መልስ ልሰጥ ስል የአንጋጫዋ ቀደመችኝ። «እንዴት ብላ ትለምን? ያችን ምስኪን ከልክላ! በሁሉም ፊት!»

እትዬ ግን አልተሸነፉም። «ድመት እንደሆነች ሁሉንም ትከተላለች። ቅቤ ያልተቀባ ፀጉር የት አለ?»

እትዬ የራሳቸውን ሹሩባ ዳሰሱ። ከዚያ እጃቸው እዚያው አናታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ።

«ሀዘን ላይ ናት» አሉ በቀስታ። «አልተቀባችም! ታዲያ ድመቷ ምን አሽትታ ነው… ነጠላው ሥር! ነጠላው ሥር ይዛው ነው! ወይ ጉዴ! ነግረሽኛል! መጀመሪያውኑ ነግረሽኛል!»

«ነግሬዎታለሁ፣ እትዬ።»

«እኔ እኮ ዳኛ ስለሆነች አላየኋትም! አንቺ ተንኮለኛ! እኔን አይተሽ ነው!»

የምፈራው ደረሰ ብዬ ወረቀቴን ጨበጥኩ። እሳቸው ግን ወደ ኋላ ተደግፈው ሳቁ፤ ጣሳው ከእጃቸው ወድቆ እስከ በሩ ተንከባለለ፤ ማንም አላነሳውም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል። «በሩን የዘጋችው እሷ!» «እኔ እኮ ላሚቱን ብዬ ሳዝን!» «ልጇ መውለዷን ሰምቼ እልል ብያለሁ እኮ!»

እትዬ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉና መዳፋቸውን ምንጣፉ ላይ መቱ። የዊጆ ፍርድ ሲሰጡ እንዲያ ነው የሚያደርጉት።

«ደግመሽ አንብቢ» አሉ።

«አሁን?»

«አሁን። ከመጀመሪያው። እያወቅኋት ልያት።»

ቅቤው በኮባው ውስጥ ሳይለካ ተቀመጠ። እኔም ጉሮሮዬን ጠረግሁና ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። ዳኛዋ ጥቁር ለብሳ፣ ፀጉሯን ሳትቀባ፣ ቀጥ ብላ ገባች፤ ሴቶቹም ገና እግሯ ደጃፉን ሳይረግጥ ጮኹባት።